የሴራሚክ ናሙናዎቼ ለምን እንዲህ ተበታተኑ? አቅራቢው 390 ይላል፣ እኔ 330 አገኘሁ

ናሙና_ሰባሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ከአሉሚና ለፓምፕ የሚሆን ዘንግ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው የማጠናው። አቅራቢው በላከው ወረቀት ላይ የመታጠፍ ጥንካሬው 390 ሜጋፓስካል ተብሎ ተጽፏል። እኔ 3 በ4 በ45 ሚሊሜትር አድርጌ ያስቆረጥኳቸውን አሥር ዘንጎች በባለ አራት ነጥብ ማጠፊያ ሰበርኳቸው። የላይኛው ርቀት 20፣ የታችኛው 40 ሚሊሜትር ነው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስደረድራቸው ይህን ይመስላሉ፦

268፣ 291፣ 305፣ 318፣ 327፣ 336፣ 345፣ 356፣ 367፣ 388

አማካዩ 330 ነው። ሁሉም ከአንድ ብሎክ የተቆረጡ ናቸው፣ ማሽኑም ያው ነው፣ የሰበርኳቸውም እኔው ነኝ። ታዲያ ደካማው ከጠንካራው በ120 ሜጋፓስካል የሚያንሰው በምን ምክንያት ነው? ብረት ስጎትት እንዲህ ዓይነት ልዩነት አይቼ አላውቅም። አማካሪዬ «ሴራሚክ እንዲህ ነው» ብለው አለፉት። አቅራቢው ሸውዶኛል ወይስ እኔ ነኝ የማልችለው?

ኳሊቲ_ሰው

ወንድሜ አትጨነቅ። እኔ የወለል ንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ይሄ የየቀኑ ነገር ነው። አማካዩን ትይዛለህ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ታወጣለህ፣ ሦስት እጥፉን ትቀንሳለህ፣ አለቀ። ያንተን አሁን ሠራሁልህ፤ 36 ገደማ ይመጣል። 330 ሲቀነስ 108 ማለት 222 ነው። ዲዛይንህን ከ222 በታች ካደረግህ ከሺህ አንድ ቢሰበር ነው። አቅራቢውን ግን ጠይቀው፤ 60 ሜጋፓስካል ትንሽ ልዩነት አይደለም።

የላብራቶሪ_አሮጌ

አቅራቢውን ከመክሰስህ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፦ 390 ያለው በባለ ሦስት ነጥብ ነው ወይስ በባለ አራት ነጥብ? እኔ ባለ ሦስት ነጥብ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ምክንያቱን ከሥሩ ልጀምር። ብረት ሲጎተት ስንጥቅ ቢኖርበትም የስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለው ቁስ ይለጠጣል። ጫፉ ይደነዝዛል፣ ጫናውም ለጎረቤት ይከፋፈላል። አሉሚና ውስጥ ግን አተሞቹ የተያያዙበት መንገድ በቀላሉ መንሸራተት አይፈቅድም። በክፍል ሙቀት የስንጥቁ ጫፍ ስለት እንደሆነ ይቀራል። እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ስትረስ ደግሞ ከሌላው ቦታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራ መስታወት በንድፈ ሐሳብ ከሚጠበቀው እጅግ ባነሰ ጭነት የሚሰበረው በውስጡና በላዩ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች የተነሳ መሆኑን አሳየ። ያንተም ዘንግ ከዚያ አይለይም።

ስሌቱ አጭር ነው፦

K = 1.26 · σ · √c

K ቁሱ ስንጥቅን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ σ ዘንጉ የተሰበረበት ስትረስ ነው። ላንተ ዓይነት አሉሚና 3.5 MPa·√m ብለን እንያዝ። 1.26 የሚመጣው በላዩ ላይ ካለ ግማሽ ክብ ስንጥቅ ነው፤ c የስንጥቁ ጥልቀት ነው። በ388 የተሰበረችውን አስገባ፤ c ወደ 51 ማይክሮን ይሆናል። በ268 የተሰበረችውን አስገባ፤ 107 ማይክሮን ነው። እንግዲህ በጠንካራውና በደካማው ዘንግህ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ ትንሽ የበለጠች ጥልቀት ናት። አንዲት የመፍጫ ድንጋይ ጭረት፣ አንዲት ሳትዘጋ የቀረች ቀዳዳ፣ ወይ ዱቄቱ ውስጥ ያልተበተነች ጓል ትሆናለች። ብሎኩ አንድ መሆኑ አይረዳህም። የምትለካው የአሉሚናን ባሕርይ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ዘንግ ውስጥ የተገኘችውን የከፋች ጉድለትም ነው።

ስትጨምቀው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስንጥቁ ይዘጋል። ሰያፍ የተኙት ስንጥቆች ትንሽ ይሄዱና ወደ ጭመቃው አቅጣጫ ዞረው ይቆማሉ። አንዱ ብቻውን ዕቃውን ለሁለት አይከፍለውም፤ ብዙዎቹ አድገው መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ ያው አሉሚና በጭመቃ ከ2000 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል። አጣጥፈህ የሰበርከው ግን ሁሌም በተጎተተው በኩል ነው የሚጀምረው።

እናት_ምጣድ

ይቅርታ ልጆች፣ ስለ ሴራሚክ ነው ስል ነው የገባሁት። እኔ ዳላስ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሸክላው ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ። ሁለቱም ጊዜ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሀል ነው የሄደው። ወፍራሙን ልግዛ ወይስ ስሱን? ሰዎች ወፍራሙ ይበረታል ይሉኛል።

ናሙና_ሰባሪ

እትዬ፣ ይሄ ስለ ምጣድ አልነበረም 😅 ግን ጥያቄው ጥሩ ነው።

@የላብራቶሪ_አሮጌ፣ ደውዬ ጠየቅኩ። ባለ ሦስት ነጥብ ነው አሉ፤ ርቀቱ ያው 40 ሚሊሜትር፣ ዘንጉም ያው ልክ። እንዴት አወቅህ?

የላብራቶሪ_አሮጌ

መጀመሪያ ለእትዬ ልመልስ፤ ጥያቄያቸው ከርዕሱ አልወጣም። ጠርዝ ላይ መጀመሩ ትልቅ ፍንጭ ነው። መሀሉ ሲግል ይስፋፋል፣ ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ነው። መሀሉ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጠርዙ እንደ ተወጠረ ቀለበት ዙሪያውን ይጎተታል። ሸክላ ደግሞ መጎተትን አይወድም። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ካለች ቁርጥራጭ ወይ ጭረት ይጀምርና ወደ ሙቀቱ ይገባል። ወፍራም መሆኑ ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ወፍራም ሸክላ ቀስ ብሎ ስለሚግል በውስጡ ያለው የሙቀት ልዩነት ሊብስ ይችላል። ሲገዙ ጠርዙን በጣት ዳብሰው ያልተሸረፈውን ይምረጡ። መጀመሪያ ላይ በትንሹ አስነስተው ጠርዙ ድረስ ሞቅ ሲል ነው ማክረር ያለብዎት። ትኩስ እያለ እርጥብ ጨርቅ ጠርዙ ላይ አያሳርፉ።

አሁን ወደ 390። ባለ ሦስት ነጥብ ላይ ከፍተኛው ስትረስ ያለው በመሀለኛው ጭነት ሥር ብቻ ነው። ወደ ጎን ስትሄድ ይቀንሳል። ባለ አራት ነጥብ ላይ ግን በሁለቱ የላይኛ ነጥቦች መካከል ያለው 20 ሚሊሜትር ሙሉውን ያንኑ ከፍተኛ ስትረስ ይሸከማል። ያንተ ፈተና የከፋችውን ጉድለት የሚፈልገው በሰፊ ቦታ ነው፣ የእነሱ ግን በጠባብ። ሰፊ ቦታ ውስጥ የባሰች የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። በሁለታችሁም ወረቀት ላይ ያለው ቁስ አንድ ነው።

በቁጥር እንየው። ስዊድናዊው ዋሎዲ ዌይቡል እ.ኤ.አ. በ1939 ያቀረበው ሐሳብ ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማዋ ቀለበት ነው የሚል ነው። ዕቃውን በሐሳብ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከከፈልከው፣ ዕቃው የሚተርፈው ሁሉም ክፍሎች ሲተርፉ ብቻ ነው። ከዚያ የሚወጣው ይህ ነው፦

P = 1 − exp[ −(V/V₀) · (σ/σ₀)^m ]

P የመሰበር ዕድሉ ነው፣ V የተጎተተው ቁስ መጠን፣ σ ስትረሱ፤ V₀ እና σ₀ የፈተናው ናሙና ማነጻጸሪያ ቁጥሮች ናቸው። m የመበታተን ቁጥር ነው። ትልቅ ከሆነ ጥንካሬው የተሰበሰበ ነው፣ ትንሽ ከሆነ የተበታተነ። ያንተን ዳታ አሁን አስገባሁት፤ ራስህም ሞክረው፦

```python
import numpy as np
s = np.sort([268,291,305,318,327,336,345,356,367,388])
n = len(s)
P = (np.arange(1, n+1) - 0.5) / n
m, c = np.polyfit(np.log(s), np.log(-np.log(1-P)), 1)
print(m, np.exp(-c/m))
```

m 10.9፣ σ₀ 345 ይሰጥሃል። በተመሳሳይ ርቀት የባለ አራት ነጥብ ፈተና ከባለ ሦስት ነጥብ (m+2)/2 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይፈትሻል። ይሄ ላንተ 6.45 ነው። 6.45ን ወደ 1/10.9 ኃይል ከፍ ስታደርገው 1.19 ይመጣል። 330 ሲባዛ በ1.19 ስንት ነው? 392። አቅራቢህ 390 አለ። ሰውየው አልዋሸህም።

ናሙና_ሰባሪ

ዋው። ለካ ሙሉ ደብዳቤ ጽፌ ልልክለት ነበር።

ኳሊቲ_ሰው

ይሄ የሒሳብ ውበት ነው፣ ግን በተግባር የኔ ዘዴ ምን ጎደለው? ሁለቱም ያው ኩርባ ይሰጣሉ። በአሥር ነጥብ ኖርማሉንና ዌይቡሉን አስምርና አሳየኝ፤ ማንም በዓይን አይለያቸውም።

የላብራቶሪ_አሮጌ

ይሄ ትክክል ነው፤ በአሥር ነጥብ አይለዩም። መሀሉ ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። የሚለያዩት ጭራው ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዳታህ አይደርስም። ያንተ 222 ከሺህ አንድ ገደማ ነበር ያልከው። በዌይቡል በ222 የሚሰበሩት ከሺህ ስምንት ናቸው። ያንተ በትክክል ሲሰላ ከሺህ 1.35 ስለሆነ ስድስት እጥፍ ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ዋናው ጉድለቱ ግን ሌላ ነው። የኖርማሉ ቁጥር ዕቃው ትልቅ ሲሆን ምን እንደሚሆን አያውቅም። ንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ የምትፈትነው ያንኑ የምትሸጠውን ስለሆነ አይጎዳህም። ልጁ ግን 3 በ4 ሚሊሜትር ሰብሮ ትልቅ ዘንግ ሊሠራ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚያሻግረው ነገር ነው።

ኳሊቲ_ሰው

እሺ ለመጠኑ ሰጥቼሃለሁ። ለጭራው ግን አላመንኩም። የዌይቡል ጭራም እኮ ማንም ያላየው ጭራ ነው።

የላብራቶሪ_አሮጌ

እውነት ነው። ያላየኸውን ጭራ በማመን ረገድ ሁለታችንም እኩል ነን። እኔ የማምነው ደካማዋ ቀለበት የምትለዋን ስለማምን ነው። ጉድለቶቹ ሁለት ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ከውስጥ ቀዳዳ ከውጭ ጭረት፣ አንድ መስመር መሆኑ ይቀራል፤ ግራፉ ላይ መስመሩ መሀል ላይ ይታጠፋል።

ናሙና_ሰባሪ

እንግዲህ የፓምፑን ዘንግ ላስላ። በሥራ ላይ የሚደርስበት ትልቁ ስትረስ 110 ነው። የተጎተተው ቦታ ከፈተናው ናሙና 50 እጥፍ ገደማ ነው። ከላይ ባለው ቀመር ሳስገባ ከአሥር ሺህ ሁለት ይሰበራል የሚል መጣልኝ። ከሆነ በጣም ደስ ይላል፣ ልጽፈው ነው።

የላብራቶሪ_አሮጌ

ቆይ፣ አትጻፈው። ስሌቱ ልክ ነው። ያስገባኸው 10.9 ግን ከአሥር ናሙና ብቻ የመጣ ነው። ከአሥር ናሙና ያወጣኸው m እውነተኛው ከ6 ተኩል እስከ 14 ተኩል ድረስ ሊሆን ይችላል። 6.5 ይዘህ አስላው እስቲ።

ናሙና_ሰባሪ

...ከመቶ ሦስት።

የላብራቶሪ_አሮጌ

አየህ፤ ከአሥር ሺህ ሁለት ወደ ከመቶ ሦስት። 150 እጥፍ ነው። ይሄ የሆነው σ₀ ሳይነካ m ብቻ ስለተለወጠ ነው። አማካዩን በጥቂት ናሙና በደንብ ታገኘዋለህ፤ m ግን ብዙ ናሙና ይበላል። ስታንዳርዶቹ 30 አካባቢ የሚጠይቁት ለጌጥ አይደለም። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ግን ከአሥር ናሙና ከአሥር ሺህ ሁለት ብሎ መጻፍ ለፈታኝ ራስህን አሳልፎ መስጠት ነው።

አልማዝ_ከሮተርዳም

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም ሴራሚክ ላይ ነው የምሠራው። ይሄ ሁሉ የሚመለከተው በሰከንዶች ውስጥ ሰብረህ የምታገኘውን ጥንካሬ ነው። ፓምፕ ውስጥ ውኃ አለ። አሉሚና በእርጥበት ውስጥ ሲጎተት ስንጥቁ ከመሰበሪያው ስትረስ በታች እያለ እንኳ ቀስ ብሎ ያድጋል። የውኃ ሞለኪውል የስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለውን ትስስር ለመቁረጥ ይረዳል። ዛሬ 50 ማይክሮን የነበረችው ከወራት በኋላ 50 አትሆንም። ስለዚህ የምትጭንበትን ፍጥነት ቀይረህ ጥቂት ናሙና ስበር፤ ቀስ ብለህ ስትጭን ጥንካሬው ይወርዳል። ያ መውረድ ነው የዕድሜውን ግምት የሚሰጥህ።

ሁለተኛ፣ ስሌትህ ውስጥ 50 እጥፍ ያልከው ይዘቱን ነው ወይስ የላዩን ስፋት? ጉድለቱ የመፍጨት ጭረት ከሆነ የውስጡ ይዘት አያገባውም፤ የሚቆጠረው ላዩ ነው።

ናሙና_ሰባሪ

ይዘቱን ነው። ልዩነቱ ያን ያህል ያመጣል?

የላብራቶሪ_አሮጌ

ጥሩ ቦታ ነክታለች። በባለ ሦስትና ባለ አራት ነጥብ መካከል ያደረግነው ንጽጽር ለሁለቱም ያው ስለሆነ አልተነካም። ወደ ሌላ ቅርጽ ስትሻገር ግን ይለያል። ያንኑ የፈተና ዘንግህን ሳታጥፈው ቀጥ አድርገህ ብትጎትተው ብለህ አስብ። ጉድለቱ በውስጡ የተበተነ ከሆነ አማካዩ ወደ 233 ይወርዳል። ጉድለቱ ላዩ ላይ ከሆነ 280 ነው። ቁሱ አንድ፣ ዳታው አንድ፣ ልዩነቱ 47 ሜጋፓስካል። ይህን ዳታህ ራሱ አይነግርህም። ስባሪውን ማየት አለብህ።

ናሙና_ሰባሪ

ስባሪውን እንዴት ነው የማየው? ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ይመሳሰላል።

አልማዝ_ከሮተርዳም

መጀመሪያ የተጎተተውን በኩል ለይ። በታጠፈ ዘንግ ላይ የተጨመቀው በኩል ስንጥቁ መጨረሻ ላይ ይታጠፍና ትንሽ ከንፈር ይተዋል። በጣትህ ታገኛታለህ። የጀመረው ከእሷ ተቃራኒ ነው።

ከዚያ መብራቱን ከጎን፣ በጣም ዝቅ አድርገህ አብራ። ከላይ ካበራህ ነጩ አሉሚና ሁሉን ይውጥብሃል። ጥላ ሲወድቅ ከአንድ ነጥብ የሚበተኑ መስመሮች ይታዩሃል። መስመሮቹን ወደ ኋላ ተከተላቸው፤ ወደ አንድ ለስለስ ያለ ቦታ ይሰበሰባሉ። መነሻው እዚያ መሀል ነው። ቅንጣቱ ሻካራ ከሆነ ለስላሳውን ቦታ ማየት ይቸግራል፤ መስመሮቹ ግን አይጠፉም። ያን ቦታ ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውሰደው። ሁለቱንም ግማሽ ያዝ፤ ቀዳዳ ከሆነ ሁለቱም ላይ ጎድጎድ ይላል፣ ጓል ከሆነ አንዱ ላይ ጉብ አንዱ ላይ ጎድጎድ ሊሆን ይችላል።

መነሻውን ካገኘህ በኋላ ስፋቱን ለክተህ ከላይ ካለው ቀመር ጋር አወዳድር። በ268 የተሰበረችው 107 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ነገር ካሳየችህ ልክ ነህ። 20 ማይክሮን ብቻ ካየህ መነሻውን አላገኘኸውም፣ ወይ ደግሞ በዙሪያው ያላየኸው ስንጥቅ አለ።

ኳሊቲ_ሰው

ይሄ ሁሉ ከሚሆን ዘንጎቹን በሙሉ 150 ድረስ ጭነህ የተሰበረውን ጥለህ የተረፈውን አትሸጥም? እኛ ጋ እንዲህ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

የላብራቶሪ_አሮጌ

ይሄን ነው ሳትናገረው የቆየኸው! ይሠራል። ጭራውን በስሌት ከመገመት ጭራውን መቁረጥ ይሻላል። ሁለት ነገር ግን አለ። ፈተናው የሚጎትተው በሥራ ላይ የሚጎተተውን ያንኑ ቦታ መሆን አለበት፤ ሌላ ቦታ ፈትነህ ሌላ ቦታ ብትጭን ምንም አልፈተንክም። ጭነቱንም በፍጥነት ማውረድ አለብህ፣ በደረቅ አየር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ካለዚያ አልማዝ ያለችው የዝግታ እድገት ስታወርደው ዕቃውን አቁስሎልህ ይሄዳል።

እናት_ምጣድ

እኔ ስሱን ገዛሁ። ጠርዙን በጣቴ ዳብሼ ነው የመረጥኩት፣ ሻጩ ሳቀብኝ። አንድ ሁለቱ ተሸርፎ ነበር፣ ተውኩት።

ናሙና_ሰባሪ

ዛሬ ከጎን አብርቼ አየሁ። ከንፈሯ በእውነት አለች። የ268ቱ መነሻ ረጅሙ ጠርዝ ላይ ነው፣ የማዕዘኑ ስለት ላይ የተሸረፈ ይመስላል። የ291ዱም ያው ጠርዝ ላይ ነው። የ345ቱ ግን ከላዩ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፣ ቀዳዳ ይመስለኛል። የ388ቱ በሦስት ስለተበተነ መነሻውን አላገኘሁትም።

አልማዝ_ከሮተርዳም

ጠርዞቹን ሳታጠፋቸው ነው የሰበርካቸው? ከመፈተኑ በፊት አራቱ ረጃጅም ጠርዞች በርዝመታቸው አቅጣጫ ተፈጭተው በትንሹ ይሰየፋሉ። ሳይሰየፉ ከቀሩ ሁለቱ ዝቅተኛ ቁጥሮችህ የአሉሚናው ሳይሆን የቆራጩ ናቸው። ያኔ 10.9 ያልነው m የሁለት ዓይነት ጉድለት ቅልቅል ነው።

ናሙና_ሰባሪ

ቆራጩ «ስለታም ነው» ብሎ ሰጠኝ፣ እኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን አውጥቼ በስምንቱ ብቻ ልሥራው?

የላብራቶሪ_አሮጌ

አታውጣቸው። ከጠርዝ የጀመሩትን እንደ ሌላ ጉድለት ቁጠራቸው እንጂ እንዳልነበሩ አትቁጠራቸው፤ የ268ቷ ቢያንስ ቀዳዳዋ ከ268 በላይ እንደምትችል ነግራሃለች። የፓምፑ ዘንግ ጠርዝ አለው ወይስ ክብ ነው?

ናሙና_ሰባሪ

ክብ ነው።

አልማዝ_ከሮተርዳም

እንግዲያው የጠርዝ ሽርፉ እሱን አይመለከተውም፤ የመፍጨት ጭረቱ ግን ይመለከተዋል፣ ክብ ሲፈጭ ጭረቱ ዙሪያውን ነው የሚሄደው፣ ለመታጠፍ ደግሞ የከፋው አቅጣጫ እሱ ነው። አንተ የፈተንካቸው በርዝመት የተፈጩ ከሆኑ የዘንጉን ላይ ገና አልፈተንከውም።

ኳሊቲ_ሰው

ሠላሳ ክብ ዘንግ ስንት ያስወጣል? ለራሴም ማወቅ ፈልጌ ነው።

ናሙና_ሰባሪ

ነገ ጠይቄ እነግርሃለሁ። የ388ቱ ሦስቱም ቁራጭ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ማታ መነሻውን ደግሜ እፈልገዋለሁ።